ቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ሲቀረው ፋይሉ አልጫን ካለ

አንዲት እህታችን እናቷን ወደ አሜሪካ ለማምጣት የI-130 ማመልከቻ በኦንላይን አስገብታ ነበር። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ዩኤስሲአይኤስ ተጨማሪ ማስረጃ ጠየቃት፦ የእናቷ ስም ያለበት የራሷ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር። ሁለት ቀን ሲቀራት ለመጫን ብትሞክር ፋይሉ ተመለሰባት። ኢንተርኔቱ የደከመ መስሏት ደጋግማ ሞከረች።

ችግሩ ኢንተርኔቱ አልነበረም። ፋይሉን «የልደት ምስክር ወረቀት» ብላ በአማርኛ ሰይማዋለች። በፋይል ስም ውስጥ የሚፈቀዱት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮች፣ ክፍት ቦታ፣ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ የታች ሰረዝና ቅንፍ ብቻ ናቸው። ስሙን ስትቀይረውም አሁንም ተመለሰ፤ በአይፎን የተነሳው ፎቶ HEIC የሚባል ዓይነት ነበርና። ገጹ የሚቀበለው JPG፣ PDF እና TIFF ነው። ፎቶውን ወደ PDF ለውጣ እንዲህ ስትሰይመው ገባ፦

```
birth_certificate.pdf
```

ስሙም ዓይነቱም ትክክል ሆኖ ካልገባ መጠኑን ይመልከቱ፤ አንድ ፋይል ከ12 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም። ከባንክ የመጣ ሰነድ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃል አለበት፣ የተቆለፈ ፋይል አይገባም። ከፍተው «ፕሪንት» ይበሉና እንደ አዲስ PDF ያስቀምጡት።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምነው አንድ ነገር አለ። አንዱ ሰነድ እምቢ ስላለ የገቡትን ብቻ ልከው «ቀሪውን ነገ እጨምራለሁ» አይበሉ። የተጠየቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ መላክ አለበት። ከፊሉን መላክ «ባለው ማስረጃ ወስኑልኝ» እንደ ማለት ይቆጠራል።

ወደ አካውንቱ መግባት ያቃታቸውም አሉ። የይለፍ ቃል መቀየሪያው ኢሜይል አልመጣ ካለ፣ የማይፈለጉ መልእክቶች ከሚገቡበት ሣጥን ቀጥሎ ማሰብ ያለብዎት አካውንቱን ማን እንደከፈተው ነው። የአጎት ልጅ ወይም ቅጽ የሚሞላ ሰው በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ከሆነ መልእክቱ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው፤ ዛሬውኑ ይደውሉለት። አዲስ አካውንት መክፈት አይጠቅምም፣ የቀድሞው ማመልከቻ እዚያ አይታይም። አካውንቱ ከተቆለፈ ደግሞ መገመትዎን አቁመው በዚህ ገጽ እርዳታ ይጠይቁ፦

```
my.uscis.gov/account/v1/needhelp
```

መልሱ በዚያው ቀን ይመጣል ብለው ግን አይጠብቁ። ቀነ ገደቡ አይራዘምም። ተጨማሪ ማስረጃ በተጠየቁበት ደብዳቤ ላይ የፖስታ አድራሻ ከተሰጠዎት ደብዳቤውን ከላይ አድርገው ሁሉንም ሰነድ በማግስቱ በሚያደርስ ፖስታ ይላኩ። የሚቆጠረው የላኩበት ቀን ሳይሆን እዚያ የደረሰበት ቀን ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ዓርብ ከሆነ ፖስታ ቤት መሄድ ያለብዎት ቢዘገይ ረቡዕ ነው።