አንድ ጊዜ ማለት አንድ ጊዜ ነው፦ ለልጆች አዚትሮማይሲን ስንሰጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ዶክተር፣ ሽሮፑ አልቋል። ሌላ ጠርሙስ ይስጡኝ» አለችኝ አንዲት እናት። መድኃኒት ቤቴ ኮዬ ፈጨ ኮንዶሚኒየም ሥር ነው። ዶክተር አይደለሁም ማለቱን ከተውኩት ቆይቻለሁ። የደነገጥኩት በሌላ ነው። አዚትሮማይሲኑን የወሰደችው ትናንት ጠዋት ነበር።

እንደ አሞክሲሲሊን በቀን ሦስቴ መስጠት

ልጇ ሁለት ዓመቱ ነው፣ 12 ኪሎ ይመዝናል። የታዘዘለት በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ቀን ነው። ስለዚህ በቀን 120 ሚሊግራም ይደርሰዋል። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ውስጥ 200 ሚሊግራም አለው፣ ማለትም አንዱ ሚሊ 40 ሚሊግራም ነው። 120ን ለ40 ስናካፍል 3 ሚሊ ይሆናል። በሦስት ቀን 9 ሚሊ ማለት ነው።

እሷ ግን 3 ሚሊውን ጠዋት፣ ቀንና ማታ ሰጠችው። በማግስቱም ጠዋትና ቀን ደገመችው። አምስት ጊዜ ሲሆን የ15 ሚሊው ጠርሙስ ባዶ ሆነ። ልጁ ሁለቴ አስመልሷል፣ ተቅማጥም ጀምሮታል። «እህቴ፣ ከዚህ በኋላ አንድ ጠብታ እንዳትሰጪው» አልኳት። ኦ.አር.ኤስ ሰጥቼ ወዳዘዘላት ሐኪም መለስኳት።

«የትልቁ ልጄ ሽሮፕ እኮ በቀን ሦስቴ ነበር» አለችኝ። አልዋሸችም። አሞክሲሲሊን ነዋ! አሞክሲሲሊን ቶሎ በሽንት ይወጣል። ደም ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ባክቴሪያውን የሚገድለው ደግሞ ደም ውስጥ በቂ ሆኖ ሲቆይ ነው። ስለዚህ በቀን ሁለቴ ወይም ሦስቴ ይደጋገማል።

አዚትሮማይሲን ሌላ ጠባይ አለው። ከደም ወጥቶ ሳንባና ቶንሲል ውስጥ ይገባል፣ እዚያው ይከማቻል፣ ቀስ እያለ ይወጣል። በግማሽ ለመቀነስ ሦስት ቀን ገደማ ይፈጅበታል። የመጨረሻዋ መጠን ከተሰጠች በኋላም ለቀናት ሥራ ላይ ነው። መዋጡ ሦስት ቀን ይሁን እንጂ ሕክምናው ከዚያ ይረዝማል። ደጋግመው ሲሰጡት ታዲያ በላይ በላዩ ይደራረባል።

ይህን ለሰው ሁሉ ሳስረዳ እውላለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ «ስንት ጊዜ?» ብላ ትቀልድብኛለች።

ተቃራኒውም ያጋጥመኛል። «የባለፈው በሦስት ቀን አልቋል» ብለው አሞክሲሲሊንን በሦስተኛው ቀን የሚያቋርጡ አሉ። የአንዱን ደንብ ለሌላው አታውሱት።

ሐኪሙ ለአምስት ቀን ካዘዘ ደግሞ ወረቀቱን በደንብ እዩት። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ቀን በኪሎ 10፣ የቀሩት አራት ቀናት በኪሎ 5 ሚሊግራም ነው። የመጀመሪያውን ቀን መጠን እስከ መጨረሻው የሚቀጥሉ ብዙ ናቸው።

«ጠንከር ያለውን ስጡኝ»

አዚትሮማይሲን የአሞክሲሲሊን ታላቅ ወንድም አይደለም። የአገራችን ጤና ጣቢያዎች ለልጆች የሳንባ ምች መጀመሪያ የሚሰጡት አሞክሲሲሊንን ነው። ለጉንፋን ሁለቱም አይሠሩም።

የተረፈውን ለወንድሙ ማስቀመጥ

በትክክል ከተሰጠ ከጠርሙሱ 6 ሚሊ ይተርፋል። ይደፋ! ትልቁ ልጅ 20 ኪሎ ከሆነ በቀን 5 ሚሊ ነው የሚፈልገው። ያቺ ትራፊ የአንድ ቀን ናት። ለዚያውም ሐኪም ካዘዘለት ነው።

በሻይ ማንኪያ መለካት

የየቤቱ ማንኪያ ለየቅል ነው። ሲሪንጅ ውሰዱ፣ ጠርሙሱንም በደንብ ነቅንቁት። ዱቄቱ ሥር ከቀረ ልጁ መጀመሪያ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ ዝቃጭ ይጠጣል።

ሚሊውን አይቶ ሚሊግራሙን መርሳት

ይህ የራሴ ጥፋት ነው። 10 ኪሎ ለሆነች ልጅ «5 ሚሊ በቀን አንዴ» የሚል ማዘዣ መጣልኝ። ያዘዘው ሰው ያሰበው በ5 ሚሊ 100 ሚሊግራም ያለውን ሽሮፕ ነው። መደርደሪያዬ ላይ የነበረው ባለ 200ው ነው። ወረፋ ነበር፣ ቸኩያለሁ። ጠርሙሱ ላይ «5 ሚሊ» ብዬ ጽፌ ሰጠሁ። ልክ እጥፍ ማለት ነው።

ማታ ሂሳብ ስዘጋ ነገሩ ብልጭ አለልኝ። የእናቷን ስልክ ማዘዣው ላይ አገኘሁትና ደወልኩ። ልጅቷ ሳትጠጣ እንቅልፍ ወስዷታል። «2.5 ሚሊ ብቻ» አልኳት፣ እስክትደግምልኝም ስልኩን አልዘጋሁም። ከዚያ ወዲህ የልጁን ኪሎ ሳልጠይቅ፣ ሲሪንጁም ላይ በእስክሪብቶ መስመር ሳላሰምር አልሰጥም።