አናሎጂ ላይ «ሁሉም መልስ ይመስላል» ሲሆን

ባሕር ዳር ውስጥ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አፕቲትዩድ አስጠናለሁ። ለባንክ ቅጥር ፈተና የሚዘጋጁም ይመጣሉ። አናሎጂ ላይ የሁሉም ስሞታ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ቃሎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ግን መልሱ ይምታታብኛል።» ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም እዚህ ምሳሌዎቹን በአማርኛ አደርጋቸዋለሁ። ብልሽቱ ያለው ቋንቋው ላይ ሳይሆን ዝምድናው ላይ ነው። ጥያቄው እንዴት እንደሚነበብና ሁለት ነጥብ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ።

ምልክት፦ ከአራቱ ምርጫ ሦስቱ ልክ ይመስላሉ

ይሄኛው ነው ዋናው በሽታ። ይቺን ጥያቄ ውሰዱ።

መረብ : ዓሣ
ሀ. ጀልባ : ሐይቅ
ለ. ገመድ : በሬ
ሐ. ወጥመድ : ቆቅ
መ. ኮርቻ : ፈረስ

ብዙ ልጅ ቶሎ ብሎ «ሀ» ይላል። ለምን ስትሉት «ዓሣም ጀልባም ጣና ላይ ነው ያለው» ይላችኋል። ይህ ዝምድና አይደለም፣ ጉርብትና ነው። ፈተና አውጪው ይህን ምርጫ ያስቀመጠው ሆን ብሎ ነው። መጀመሪያ የተሰጡት ሁለት ቃላት ከመልሱ ጋር በርዕስ መገናኘታቸው ግድ አይደለም። እንዲያውም አንድ ምርጫ ከጥያቄው ጋር አንድ ሰፈር ሲሆን ጠርጥሩት።

ትንሽ ጠንቀቅ የሚለው ደግሞ ዓረፍተ ነገር ይሠራል፦ «መረብ ለዓሣ ያገለግላል።» ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን ልል ነው። ገመድም ለበሬ ያገለግላል፣ ኮርቻም ለፈረስ ያገለግላል። ወጥመዱም እንደዚያው። «ያገለግላል»፣ «ይገናኛል»፣ «አብሮ ይሄዳል» የሚሉ ግሶች ማንንም አይጥሉም። ልጁ ሦስት መልስ ያገኘው ሦስት መልስ ስላለ ሳይሆን ወንፊቱ ስለሰፋበት ነው።

መፍትሔው ግሱን መቀየር ነው። መረብ ዓሣን ምን ያደርገዋል? ይይዘዋል። «በመረብ ዓሣ ይያዛል።» አሁን ኮርቻ ወደቀ፤ ኮርቻ ፈረስ አይይዝም፣ ሰው ይቀመጥበታል። ጀልባም ወደቀች። ገመድና ወጥመድ ቀሩ። እዚህ ላይ ነው ጎበዞቹ የሚሳሳቱት። «ገመድም በሬ ይይዛል» ብለው ደምድመው ሳንቲም ይወረውራሉ።

ሁለት ምርጫ ከቀረ ዓረፍተ ነገሩን አንድ ደረጃ ጨምቁት። መረብ የሚይዘው ምን ዓይነት ነገር ነው? ገና በእጅ ያልገባ፣ ነጻ የሚኖር። «መረብ በነጻ የሚኖረውን ዓሣ አጥምዶ ለመያዝ የተሠራ ነው።» በሬው ቀድሞም የገበሬው ነው፤ ገመዱ እንዳይሄድ ያስረዋል እንጂ አያጠምደውም። ቆቋ ግን ዱር ናት። መልሱ «ሐ» ነው።

«የተሠራ ነው» ያልኩትን ልብ በሉ። አገልግሎትን የሚጠይቅ አናሎጂ ዕቃው የተፈጠረበትን ሥራ ነው የሚፈልገው። ድንጋይ በር ሊያስደግፍ ይችላል፤ ግን ለዚያ አልተሠራም። አንድ ልጅ «ቢላም ጠርሙስ ይከፍታል» ብሎ ግማሽ ሰዓት ተከራክሮኛል። መክፈቱንማ ይከፍታል፤ የቢላ ሥራ ግን መቁረጥ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አብዝታችሁም አትጨምቁ። «መረብ በውሃ ውስጥ የሚኖርን አጥምዶ ይይዛል» ካላችሁ ምንም ምርጫ አያልፍም። ልጁ ወንፊቱን ማጥበቡን ረስቶ ጥያቄውን «የተበላሸ ነው» ይለዋል። ሁሉም ምርጫ ከወደቀ የጨመራችሁትን የመጨረሻ ቃል አንሱት። የሚነሳው የነገሮቹ የራሳቸው ጠባይ ነው፤ ውሃ የዓሣው መኖሪያ እንጂ የዝምድናው አካል አይደለም። «ማጥመድ» ግን ዝምድናው ራሱ ነው፤ እሱ ይቆያል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የቃሉን ቅደም ተከተል አትገልብጡ። ዓረፍተ ነገሩን ከግራ ወደ ቀኝ በሠራችሁበት መንገድ ምርጫዎቹንም ከግራ ወደ ቀኝ ሞክሩ። «ቆቅ : ወጥመድ» ቢመጣ መልስ አይደለም፤ ቆቅ ወጥመድን አጥምዳ አትይዝም።

ምልክት፦ «ክፍል» መስሎ «ዓይነት» መሆን

ቅርፊት : ዓሣ ሲባል ከምርጫዎቹ «ዋርካ : ዛፍ»፣ «ደንገል : ታንኳ»፣ «በግ : መንጋ» እና «ላባ : ዶሮ» ይመጣሉ። አራቱም «አንዱ በሌላው ውስጥ አለ» የሚለውን ያልፋሉ።

እዚህ የሚሠራው ፈተና «ነው» የሚለው ቃል ነው። «ዋርካ ዛፍ ነው» ይሄዳል፤ ስለዚህ ዓይነት ነው፣ ክፍል አይደለም። «ቆሮሶ ዓሣ ነው» እንደምንለው። «ቅርፊት ዓሣ ነው» ግን አይባልም። ዋርካ ወጣ። ደንገል የታንኳው ጥሬ ዕቃ ነው፤ ሐይቁ ዳር ሄዳችሁ ታንኳ ብታዩ ከአፍ እስከ ጭራው ደንገል ነው። እንደ ቅርፊት የራሱ ቦታ ያለው አንድ አካል ነጥላችሁ አታሳዩበትም። በጉ ደግሞ ከመንጋው ቢለይም ሙሉ በግ ነው፤ አባል እንጂ አካል አይደለም። ላባ ገላን የሚሸፍን አካል ነው፣ ቅርፊትም እንዲሁ። አለቀ።

ይህን ሳላሳያቸው በፊት ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በሚሸጥ ወረቀት ያጠኑ ልጆች ናቸው የሚያስቸግሩኝ። አንዳንዱ ወረቀት ዓይነቱንም፣ ጥሬ ዕቃውንም፣ አባሉንም «ክፍልና ሙሉ» ብሎ ጠቅልሎ መልስ ያስቀምጣል። መልሱ ለምን ልክ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልጻፈ ወረቀቱን ተዉት።

ምልክት፦ የደረጃ ጥያቄ ላይ ተቃራኒ መምረጥ

ሞገድ : ማዕበል
ሀ. ዶፍ : ካፊያ
ለ. ሙቅ : ቀዝቃዛ
ሐ. ሽውታ : አውሎ ነፋስ
መ. ደመና : ዝናብ

መሞከሪያው «እንዲያውም» ነው። «ሞገድ ነው፣ እንዲያውም ማዕበል ነው» ይባላል፤ ስለዚህ አንድ መንገድ ላይ ሁለት ደረጃ ናቸው። «ሙቅ ነው፣ እንዲያውም ቀዝቃዛ ነው» የሚል ሰው የለም፤ ተቃራኒ ነው። «ዶፍ ነው፣ እንዲያውም ካፊያ ነው» ደግሞ ጆሮ ይሰብራል። ዝምድናው ልክ ነው፣ አቅጣጫው ግን ተገልብጧል። ደመናው መንስኤ ነው፤ አድጎ ዝናብ አይባልም። «ሽውታ ነው፣ እንዲያውም አውሎ ነፋስ ነው» ትንሽ ቢያጋንንም ይሄዳል፤ መልሱ እሱ ነው።

«ሀ»ን የሚመርጡት ሰነፎቹ አይደሉም። ዝምድናውን ቶሎ ያዩና አቅጣጫውን ሳያዩ የሚያጠቁሩ ፈጣኖች ናቸው። ፈተና ክፍል ውስጥ ከግራው ቃል ወደ ቀኙ ትንሽ ቀስት አድርጉ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ሁለት ምርጫ በፍጹም አንድ ዓይነት ዝምድና ካላቸው ሁለቱም መልስ ሊሆኑ አይችሉም፤ ሁለቱንም ጣሏቸው ወይም የጠፋችሁን ልዩነት ፈልጉ።

ከተሰጡት ቃላት አንዱን ካላወቃችሁ ከምርጫዎቹ ጀምሩ። ለእያንዳንዱ አጭር ዓረፍተ ነገር ሥሩለት። «ጃንጥላ : ብርቱካን» ዓይነት ምንም ዓረፍተ ነገር የማይወጣለት ይጣላል። ከቀሩት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ የምታውቁትን ቃል በቦታው አስገቡና የማያስኬደውን ሰርዙ።