ለሲግናል ሻጭ ከመክፈልዎ በፊት እንዴት እንደሚመረምሩት

ደብረ ማርቆስ የሚኖር አንድ ወጣት ቤተሰቡ ከጤፍ ሽያጭ የሰጡትን 10,000 ብር ይዞ፣ በቴሌግራም «በወር 30 በመቶ ትርፍ የተረጋገጠ ነው» የሚል፣ የውጭ ምንዛሪ መቼ እንደሚገዛና እንደሚሸጥ የሚጠቁም የፎሬክስ ሲግናል ቻናል አገኘ እንበል። ቻናሉ ለአባልነት በየወሩ 1,500 ብር በቴሌብር ይጠይቃል።

በመጀመሪያ የተገባውን ቃል ያስሉት። በየወሩ 30 በመቶ አትርፎ ትርፉን በዋናው ላይ የሚደምር ሰው 10,000 ብሩን በ12 ወር ውስጥ ወደ 233,000 ብር ያደርሰዋል። ይህን በእርግጠኝነት የሚችል ሰው ከማያውቀው ወጣት 1,500 ብር የሚሰበስብበት ምክንያት የለውም። በእኔ እምነት «የተረጋገጠ» የሚለው ቃል ብቻውን ቻናሉን ለመተው ይበቃል።

ቻናሉን ለመተው ገና ካልቆረጡ፣ ሳይከፍሉ ለጥቂት ሳምንታት ይከታተሉት። እያንዳንዱ ሲግናል እንደወጣ ወደ ራስዎ Saved Messages ያስተላልፉት፤ ማስተላለፍ ከተከለከለ ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሾት ያንሱ። ይህ የሚያስፈልገው ከቻናል ላይ የተሰረዘ መልእክት ምንም ዱካ ስለማይተው ነው። ሻጩ የከሰሩትን ሲግናሎች አጥፍቶ ያተረፉትን ብቻ ሲያስቀር፣ የእርስዎ ቅጂ ግን ሁሉንም ይዞ ይቆያል።

በግል መልእክት የሚላክ ትንበያ ከዚህ የባሰ ያታልላል። አጭበርባሪው ለ800 ሰዎች ሲጽፍ ለግማሾቹ «ወርቅ ይጨምራል»፣ ለቀሪዎቹ «ይቀንሳል» ይላል። ትክክል ለደረሳቸው 400 ሰዎች እንደገና ለሁለት ከፍሎ ይጽፋል፣ ከዚያም ለ200ዎቹ። በመጨረሻ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ትክክለኛ ትንበያ የደረሳቸው 100 ሰዎች ይቀራሉ፤ እያንዳንዳቸው የሚያዩት የራሳቸውን መልእክት ብቻ ስለሆነ ሰውየውን አዋቂ አድርገው ያምኑታል። ስለዚህ ጥቂት የተሳኩ ትንበያዎችን እንደ ማስረጃ አይቁጠሩ።

ቀጥሎ ሻጩን የሚገበያይበትን መተግበሪያ፣ የሜታትሬደር አካውንቱን investor password ይጠይቁት። ይህ የይለፍ ቃል ታሪኩን ለማየት ብቻ የሚያገለግልና መገበያየት የማያስችል በመሆኑ፣ ሻጩ ቢሰጥዎ የሚጎዳው ነገር የለም። ከገቡ በኋላ Balance እና Equity የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ያነጻጽሩ። የመጀመሪያው የተዘጉ ግብይቶችን ብቻ ሲያሳይ፣ ሁለተኛው ገና ያልተዘጉትንም ይጨምራል። Balance 5,000 ዶላር፣ Equity ደግሞ 1,900 ዶላር ቢሆን፣ ሰውየው የ3,100 ዶላር ኪሳራ ሳይዘጋ ደብቋል ማለት ነው። በሚለጥፈው ስክሪንሾት ላይ ግን Balance ብቻ ይታያል። የሰርቨሩ ስም Demo የሚል ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ የልምምድ እንጂ እውነተኛ አይደለም።

«ገንዘቡን ላክልኝና እኔ ልነግድልህ» ወደሚለው ጥያቄ ከተሸጋገረ ንግግሩን ያቁሙ። ብዙ ጊዜ ለማሳመን ሲባል አነስተኛ ገንዘብ ያለ ችግር ወጪ ይደረግልዎታል፤ ትልቁን ሲጠይቁ ግን «አስቀድመው ግብር ይክፈሉ» የሚል መልስ ይመጣል። ይህን ክፍያ የሚጠይቅዎ ሰው ዋናውን ገንዘብ አይመልስልዎትም፤ ሁለተኛ አይክፈሉ፤ የቴሌብር ደረሰኞቹንና የመልእክት ልውውጡን ሳያጠፉ ይዘው ወደ ፖሊስ ይሂዱ።