ለትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀን የሚሆን ትንሽ ተረት እንዴት እንደሚሠራ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጎንደር ውስጥ የልጅ ቦርሳና ምሳ ዕቃ ይዞ የማይዞር ወላጅ የለም። እኔ ደግሞ ከቦርሳው ጋር አንድ ትንሽ መጽሐፍ እሠራለሁ። ለሁለቱም ልጆቼ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ልጄን አስለቀሰው፣ ሁለተኛዋን ረዳት። ልዩነቱ አንድ ገጽ ላይ ነበር።

ከመጻፋችሁ በፊት ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሂዱና ቲቸሯን የቀኑን ቅደም ተከተል ጠይቋት። ከበሩ ማን ይቀበላቸዋል? መጀመሪያ ምን ይሠራሉ? ምሳ የሚበሉት መቼ ነው? ይተኛሉ ወይ? ወላጅ የሚገባው ከእንቅልፍ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህን ሳትይዙ አትጀምሩ።

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር። ለመጀመሪያው ልጄ በጻፍኩት ተረት እናትየው "ቶሎ እመጣለሁ" ብላ ትሄዳለች። ከዚያ ልጁ ምሳ ይበላል፣ እናቱም ትመጣለች። ትምህርት ቤቱ ግን ከምሳ በኋላ ያስተኛቸው ነበር። ልጄ ምሳውን በልቶ ቦርሳውን አንግቶ በሩ ሥር ቆመ። አልተኛም፣ አልተቀመጠም። በ9 ሰዓት ስደርስ የቦርሳው ማንገቻ ትከሻው ላይ መስመር ሠርቶ ነበር። "ምሳዬን እኮ በላሁ" አለኝ። በማግስቱ ተረቱን ሳወጣ መጽሐፉን ገፋው።

የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ሰዓት አያውቅም። "ቶሎ" ማለት ለእሱ አሁን ማለት ነው። "በ9 ሰዓት" ደግሞ ምንም ማለት አይደለም። የሚያውቀው ነገር ከነገር በኋላ መምጣቱን ነው፤ ጨዋታ፣ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ጫማ፣ እማዬ። ስለዚህ ተረቱ ውስጥ የመመለሻው ጊዜ የሚነገረው በሥራ እንጂ በሰዓት አይደለም። ያ ሥራ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በእውነት የሚያሠራው መሆን አለበት።

ቀጥሎ ባለታሪኳን ምረጡ። የራሳችሁን ልጅ ስም አትስጧት። ልጅ "ሚሚ ፈራች" ሲባል ስለ ሚሚ ብዙ ያወራል። "አንቺ ፈራሽ" ሲባል ግን ዝም ይላል። ዕድሜዋ፣ ቦርሳዋ፣ የምታልፍበት መንገድ ግን የልጃችሁን ይምሰል። ባጃጁን አስገቡ፣ ግንቡን አስገቡ።

አሁን ከባዱ ገጽ፤ የበሩ ገጽ። ብዙ ሰው መለያየቱን ይዘለዋል። ሚሚ በር ላይ ትደርስና በሚቀጥለው ገጽ እየሳቀች ትጫወታለች። ልጁ ግን የሚፈራው ያንኑ የተዘለለውን ነው። ሌላው ስህተት እናትየው ተደብቃ እንድትወጣ ማድረግ ነው። ልጅ ዞር ሲል እናቱን ካጣት፣ ከዚያ በኋላ ዞር ማለት ራሱ ያስፈራዋል። በእውነትም በተረትም ተሰናብቶ መሄድ ይሻላል፣ ስንብቱ ግን አጭር ይሁን።

"ጎበዝ ልጅ አያለቅስም" የሚለውንም አውጡት። ሚሚ ታልቅስ። ለቅሶው ተጀምሮ ሲያልቅ ማየት ነው ልጁን የሚያሳርፈው። እናትየው በበሩ ገጽ አራት ነገር ታደርጋለች፤ ቁጢጥ ትላለች፣ ትስማታለች፣ የቀኑን ቅደም ተከተል ትነግራታለች፣ ቻው ብላ ትሄዳለች። ቻው ካለች በኋላ ለሁለተኛ ስንብት እንዳትመለስ።

ከዚያ አንድ ተደጋጋሚ ሐረግ አበጁ። የእኔ "እማዬ ትሄዳለች፤ እማዬ ትመጣለች" ነው። ሦስት ቦታ ይግባ፣ ቃሉ አይለወጥ።

ለልጄ የሠራሁት እንዲህ ነው።

ተረት ተረት! (የላም በረት!)

ሚሚ አዲስ ቦርሳ አላት። ቦርሳው ውስጥ ምሳ ዕቃ አለ። ምሳ ዕቃው ውስጥ ፍርፍር አለ።

ሚሚና እማዬ ባጃጅ ተሳፈሩ። ድርርር! ግንቡን አለፉ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወረዱ።

ሚሚ የእማዬን ነጠላ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ሆዷ ባባ። "እማዬ፣ አትሂጂ!" አለች። አለቀሰች።

እማዬ ቁጢጥ አለች። ጉንጯን ሳመቻት። "ትጫወቻለሽ። ምሳሽን ትበያለሽ። ትተኛለሽ። ጫማሽን ስታደርጊ እኔ በሩ ላይ ነኝ።" እማዬ ትሄዳለች፤ እማዬ ትመጣለች። "ቻው ሚሚዬ!" ሄደች።

ቲቸር የሚሚን እጅ ያዘች። ሚሚ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ጭቃ አየች። በጭቃው ጀበና ሠራች። የጀበናው አንገት ወደቀ። እንደገና ሠራችው።

ምሳ ደረሰ። ሚሚ ፍርፍሯን አየች። እማዬ ትዝ አለቻት። "እማዬስ?" አለች። ቲቸር አጠገቧ ተቀመጠች። እማዬ ትሄዳለች፤ እማዬ ትመጣለች። ሚሚ ጎረሰች።

ሚሚ ተኛች። ሚሚ ተነሳች። ጫማዋን አደረገች። አንድ፣ ሁለት።

በሩ ተከፈተ። ነጠላ ታየ። የማን ነጠላ ነው? እማዬ ትሄዳለች፤ እማዬ ትመጣለች!

"እማዬ፣ ጀበና ሠራሁ!" አለች ሚሚ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።

ጀበናውን ያስገባሁት በምክንያት ነው። ሚሚ ለእናቷ የምታሳየው ነገር አላት። ፍርፍሩ ላይ ድጋሚ መከፋቷም ሆን ተብሎ ነው፣ ናፍቆት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ምሳ ዕቃው ሲከፈት ነውና። የሚወስደው ሰው አያት ወይም አባት ከሆነ የመጨረሻው ገጽ ላይ እሱን አድርጉ። በተረቱ እማዬ እየመጣች በሩ ላይ ሌላ ሰው ከቆመ ልጁ ተታለልኩ ይላል።

መጽሐፉ ቀላል ነው። ሦስት ኤ ፎር ወረቀት ለሁለት ስታጥፉ 12 ገጽ ይወጣል። መሐሉን በመርፌና በክር ስፉት። ስቴፕለር አልወድም፣ ጫፉ ይነሳና ጣት ይወጋል። ላሚኔት ማስደረግም አያስፈልግም፣ ልጁ ላዩ ላይ መሞነጫጨር አለበት። ሥዕሉ እንዴትም ይሁን፣ በበሩ ገጽ ላይ ግን የትምህርት ቤቱን በር ትክክለኛ ቀለም ቀቡ። ስልክ ላይ ማንበብ ግን አይሆንም። ልጅ የፈራውን ገጽ በእጁ ይዞ ወደ ኋላ መመለስ ይፈልጋል።

ንባቡን ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጀምሩ። ቀን ቀን አንብቡ፣ ለመኝታ አታድርጉት። በሩ ጋ ስትደርሱ ድምፃችሁ አይለሳለስ፤ ልጅ ከቃሉ ይልቅ የእናቱን ድምፅ ነው የሚያምነው። ከሦስት አራት ቀን በኋላ "እማዬ ትሄዳለች..." ብላችሁ ዝም በሉ። ልጁ ከሞላው ተረቱ ገብቶታል። ገጹን እየዘለለ ካለፈ አታስገድዱት፣ ነገ እዚያው ገጽ ላይ ትንሽ ቆዩ። "ካልመጣችስ?" ካለ "ትመጣለች" ብቻ አትበሉት። ብትዘገዩ ማን አብሮት እንደሚቆይ በስም ንገሩት።

ተረቱ ለቅሶውን ጨርሶ አያስቀርም። ሁለተኛዋ ልጄም በሩ ላይ አለቀሰች። ቲቸሯ እንደነገረችኝ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ሐረጉን ለብቻዋ ስታጉተመትም ነበር። ሳምንታት አልፈውም የማይበላ፣ ሌሊት የሚባንን ልጅ ካለ ከቲቸሯና ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

የመጨረሻውን ገጽ ባዶ ተዉት። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ልጁ የሚነግራችሁን እንዳለ ጻፉበት። በልጄ መጽሐፍ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ጭቃ የለም። ግን አሸዋ አለ። እማዬ ጫማዬን ሳደርግ መጣች።"