ያንኑ ጥያቄ በአዲስ ቻት ሲጠይቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ለሚሠሩ የግብርና ልማት ሠራተኞች የቻትቦት አጠቃቀም ሥልጠና በሰጠሁ ቁጥር አንድ ቅሬታ ሳይነሣ አይቀርም፤ ትናንት አንድ ነገር የመለሰው መሣሪያ ዛሬ ለዚያው ጥያቄ ሌላ ይላል የሚል ነው። ቅሬታው እውነት ነው፤ ከእሱ የሚወሰደው መደምደሚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው።

ከሁሉ የሚያታክተኝ መሣሪያው «ሐሳቡን ለወጠ» ወይም «ዋሸ» የሚለው ነው። ከቻትቦቱ ጀርባ ያለው የቋንቋ ሞዴል የተዘጋጀ መልስ ከመዝገብ አውጥቶ አያነብም። መልሱን የሚጽፈው ቁራጭ በቁራጭ ሲሆን፣ በየእርምጃው ቀጥለው ሊመጡ ለሚችሉት የቃል ቁራጮች ሁሉ የዕድል መጠን ይሰጣል፤ ከዚያም አንዱ እንደ ዕጣ ይወጣል። ከፍተኛ ዕድል ያለው ቁራጭ ብዙ ጊዜ ይወጣል እንጂ ሁልጊዜ አይወጣም። የወጣው ቁራጭ ደግሞ ከጽሑፉ ጋር ተጨምሮ ለቀጣዩ ምርጫ መነሻ ስለሚሆን፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ የተፈጠረ ትንሽ ልዩነት መጨረሻ ላይ ትልቅ ሆኖ ይታያል።

በአንድ ሥልጠና ላይ ሁለት ሠልጣኞች «በ3 ጥማድ መሬት ላይ ገብስ ለመዝራት ስንት ኪሎ ዘር ያስፈልጋል?» ብለው በየስልካቸው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጻፉ። ለአንደኛው 94 ኪሎ ገደማ፣ ለሌላው 187 ኪሎ ተኩል ተባለ። ክፍሉ ሳቀ፤ አንዲት ባለሙያም «እንግዲህ በዚህ ነው ለገበሬ ምክር የምንሰጠው?» አለችኝ። ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አድርገን ስናነብ ግን ሁለቱም በሄክታር 125 ኪሎ ይዘው ነበር፤ ማባዛቱም ትክክል ነበር። የተለያዩት በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ አንደኛው ጥማድን ሩብ ሄክታር ብሎ 0.75 ሄክታር አገኘ፣ ሌላው ግማሽ ሄክታር ብሎ 1.5 ሄክታር አገኘ። በእኛ ዘንድ በተለምዶ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ስለሚባል የመጀመሪያው መልስ ለእውነቱ ይቀርባል። ሞዴሉ ግን ስለ ጥማድ የተጻፈ ብዙ ነገር ስላላገኘ «ሩብ» እና «ግማሽ» ለሚሉት ቃላት የተቀራረበ ዕድል ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ አንዴ «ግማሽ» ከወጣ በኋላ ደግሞ የቀረው ስሌት ያንን ተከትሎ ይሄዳል።

ስለዚህ ሁለት መልስ ሲለያይ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ መከራከር ትርፍ የለውም፤ የሚሻለው መልሶቹ የተለያዩበትን ዓረፍተ ነገር መፈለግ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጠያቂው ሳይናገር የተወው ነገር ላይ ነው። እኛም ጥያቄውን «0.75 ሄክታር፣ በብተና የሚዘራ፣ የመኸር ገብስ» ብለን በየአዲስ ቻቱ ስንጽፈው መልሶቹ ተቀራረቡ፤ የቀረው ልዩነት በሄክታር በሚያዘው የዘር መጠን ላይ ብቻ ነበር።

«ቅድም እንደነገርኩህ» ብሎ አዲስ ቻት መጀመርም የተለመደ ነው። አዲስ ቻት ያለፈውን አያይም፤ ትውስታ የሚባለው አገልግሎት በርቶ ከሆነ እንኳ የሚተላለፈው ስለ እርስዎ የተያዘ ማስታወሻ ወይም ከቀድሞ ንግግሮች የተለቀመ ነገር ነው፤ ንግግሩ በሙሉ መተላለፉን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ያው ትውስታ አንዳንዴ የሁለት ሰዎችን መልስ የሚያለያይ ሌላ ምክንያት ይሆናል።

ትንሽ ኮድ የሚያውቁ ወጣቶች ደግሞ «ቴምፕሬቸሩን ዜሮ ካደረግነው አይለያይም» ይላሉ። ቴምፕሬቸር ዕጣው ምን ያህል ልቅ እንደሚሆን የሚወስን ቁጥር ሲሆን፣ ዜሮ ሲሆን ከፍተኛ ዕድል ያለው ቁራጭ ብቻ ይመረጣል። ልዩነቱ በእርግጥ በጣም ይቀንሳል፤ ነገር ግን አገልግሎቱ የብዙ ሰዎችን ጥያቄ አንድ ላይ ስለሚያስኬድ የአስርዮሽ ቁጥሮች የሚደመሩበት ቅደም ተከተል ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለያያል፤ ከዚህ የሚመጣው ጥቃቅን የማጠጋጋት ልዩነትም እኩል ሊሆኑ የተቃረቡ ሁለት ቁራጮችን ቦታ ሊያለዋውጥ ይችላል። ከዚህ ሌላ አቅራቢው ሞዴሉን ሲያድስ ቴምፕሬቸሩ ሳይነካ መልሱ ሊለወጥ ይችላል።

በመጨረሻ፣ አምስት ጊዜ ጠይቆ አራት ጊዜ የመጣውን እንደ ተረጋገጠ መያዝ አለ። ድግግሞሹ የሚያሳየው ሞዴሉ ወደየት እንደሚያዘነብል ብቻ ነው፤ የተማረበት ጽሑፍ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ አምስቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ሊወጣ ይችላል። መለያየቱ ግን ይጠቅማል፤ መልሱ የሚዋዥቅበት ቦታ ከሌላ ምንጭ መጣራት ያለበት ቦታ ነው። ባስተካከልነው ጥያቄ ውስጥ የዋዠቀው በሄክታር የሚያዘው የዘር መጠን ስለነበር፣ ሠልጣኞቹ ያንን አንድ ቁጥር ከሚዘራው ዝርያ የምርምር ምክረ ሐሳብ ላይ ወስደው በ0.75 ራሳቸው አባዙት።