ካንቫ ላይ ጽሑፍ ስትቀይሩ ስልክ ቁጥሩ እንዳይቆረጥ

ባለፈው የአረፋ ሰሞን ደሴ ፒያሳ ጫማ ለሚሸጥ ጓደኛዬ የቅናሽ ፖስተር ሠራሁለት። ኮምፒውተሬ ላይ ያማረ ነበር። ማታ ከሦስት የጫማ ፎቶዎች ጋር አብሮ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ጠዋት ደወለ። «አብሽር፣ አልተቆጣሁም። ግን ሰዉ ሁሉ ስልክህ ስንት ነው እያለኝ ነው።»

ከፍቼ ሳየው ፎቶዎቹ ተደርድረው እንዲታዩ በካሬ ተቆርጠዋል። ታች ጠርዝ ላይ የነበረው ቁጥር አብሮ ሄዷል። ተጭኖ ለከፈተው ይታያል፤ ግን ስንቱ ይከፍታል?

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምሠራው።

1080 በ1350 የሆነ ቴምፕሌት ምረጡ። ይህ ልክ በፌስቡክም በኢንስታግራምም ብቻውን ሲለጠፍ ሙሉውን ይታያል። ችግሩ የሚመጣው ሲቆረጥ ነው። ካሬ ሲሆን ከላይ 135፣ ከታች 135 ፒክስል ይሄዳል። የኢንስታግራም ፕሮፋይል ደግሞ በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ከካሬ ወደ 3 ለ 4 ተቀይሯል። እዚያ የሚቆረጠው ከግራና ከቀኝ ነው፣ በየጎኑ 34 ፒክስል ገደማ። ስለዚህ ሁለቱንም የሚያመልጥ መሀል ያስፈልገናል።

ማስመሪያ መስመር መጎተት ይቻላል፤ እኔ ግን ሳጥን ይቀለኛል። አንድ ቀይ አራት ማዕዘን አስገቡ። Position ውስጥ ገብታችሁ Width 920፣ Height 990፣ X 80፣ Y 180 ብላችሁ ጻፉ። አንዱን ስትቀይሩ ሌላው አብሮ ከተቀየረ የቁልፏን ምልክት ክፈቱ። Transparency ወደ 20 አውርዱና ከጽሑፎቹ ኋላ አድርጉት፤ ከፊት ከሆነ ጽሑፉን ለመንካት ስትሞክሩ ሳጥኑ ይያዝባችኋል። መጨረሻ ላይ ቆልፉት። አሁን ሕጉ አንድ ነው፦ የሚነበብ ነገር ሁሉ ከቀዩ ውስጥ፤ ጌጡና ፎቶው የፈለገበት ይሂድ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ፣ ጽሑፉን መቀየር። የጓደኛዬ ቴምፕሌት ላይ SALE ነበር የሚለው፣ በ180 መጠን። አራት ፊደል። እኔ «ታላቅ ቅናሽ» ብዬ ጻፍኩበት። የእኛ ፊደል ሰፊ ነው፤ ሁለት መስመር ሆነ። ካንቫ ላይ የጽሑፍ ሳጥን ሲሞላ ወደ ታች ያድጋል፣ ከሥሩ ያለውን ግን አይገፋም፤ ላዩ ላይ ይወጣበታል። ዋጋው ተሸፈነ። ዋጋውን ዝቅ አደረግኩ። ዋጋው አድራሻው ላይ ወጣ፤ አድራሻውንም ዝቅ አደረግኩ። ስልክ ቁጥሩ ጠርዝ ላይ የደረሰው እንዲህ እየተገፋ ነው።

መፍትሔው የታችኛውን መግፋት ሳይሆን የላዩን ማስተካከል ነው። መጀመሪያ የጽሑፉን ሳጥን በጎን እጀታው ጎትታችሁ እስከ ቀዩ ዳርቻ አስፉት። ማዕዘኑን አትንኩ፤ እሱ ፊደሉን ነው የሚያሳድገው። ከዚያ አንድ መስመር እስኪሆን መጠኑን ቀንሱ። የእኔው 130 ላይ ገባ። ሳጥኑ ከጠበበ አንድ ቃል መሀሉ ተቆርጦ የመጨረሻ ፊደሉ ብቻውን ወደ ታች ይወርዳል፤ ያንን ካያችሁ ገና አልሰፋም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጣጣ Spacing ነው። የፈረንጅ ቴምፕሌት ፊደሎቹን ማራራቅ ይወዳል። በአማርኛ ሲሆን ቃሉ ተበትኖ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። የፊደል ርቀቱን ወደ 0 መልሱት። ቦታም ይተርፋችኋል።

የፊደሉን ዓይነት ስትቀይሩ አማርኛው መልኩን ካልለወጠ፣ ያ ፊደል ግእዝ የለውም፤ ካንቫ በሌላ ተክቶት ነው። ለውጥ እስክታዩ ሌላ ሞክሩ።

ስቶሪ ከፈለጋችሁ 1080 በ1920 አዲስ ገጽ ከፍታችሁ ሙሉውን ዲዛይን መሀል ላይ ለጥፉት። መጠን በራሱ የሚቀይረው መሣሪያ የሚከፈልበት ነው፤ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። ከላይም ከታችም 285 ይተርፋል፣ እሱን በጀርባ ቀለም ሙሉት። ስቶሪ ላይ ስሙና መልስ መስጫው የሚሸፍኑት የላይና የታች ጫፍ ስለሆነ፣ ቀዩ ሳጥን ውስጥ የነበረ ጽሑፍ አይነካም።

ከመለጠፋችሁ በፊት በ PNG አውርዳችሁ ስልካችሁ ጋለሪ ውስጥ 1:1 ቁረጡት። ቁጥሩ ሙሉ ከታየ ሥራው አልቋል። የተቆረጠውን ሴቭ አታድርጉ።

ኧረ፣ ቀዩን ሳጥን ሳታጠፉ እንዳታወርዱ! እኔ አንዴ ረስቼው ለኮምቦልቻ ደንበኛዬ ላክሁላት። ለጥፋው ነው ያየሁት። ይቅርታ ልጠይቅ ስደውል፣ «ቀይ ነገሯ አምራበታለች፣ ቀጣዩም ላይ አድርግልኝ» አለችኝ።