ፕሌይስቴሽን 5ን ከትንሽ ሚክሰር ጋር አገናኝቶ የጨዋታውንና የራስን ድምፅ አብሮ ማስተላለፍ

ስትሪም ላይ ድምፅ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ማይኩ ርካሽ ስለሆነ አይደለም። የጨዋታው ድምፅ ኮምፒውተሩ ውስጥ በሁለት በር ስለሚገባ ነው፤ አንዴ የጨዋታውን ምስል ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባው ካፕቸር ካርድ፣ አንዴ በሚክሰሩ። ሁለቱ እኩል አይደርሱም፤ ተኩሱ ባዶ በርሜል ውስጥ የተተኮሰ ይመስላል። ስለዚህ ገመድ ከመሰካትዎ በፊት አንዱን በር ይምረጡ። እዚህ የመረጥነው ሚክሰሩን ነው፤ ካፕቸር ካርዱ ምስል ብቻ ያመጣል። የጨዋታውን ድምፅ እየተጫወቱ በእጅ ከፍ ዝቅ ማድረግ የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ለምሳሌነት የወሰድነው ያማሃ AG03 ነው፤ ሌላ ትንሽ የዩኤስቢ ሚክሰርም ቢሆን አሠራሩ ተቀራራቢ ነው። ሚክሰሩ፣ ማይክ ከኤክስኤልአር ገመዱ ጋር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ካፕቸር ካርድ፣ ሁለት የኤችዲኤምአይ ገመድና የስትሪም ፕሮግራሙ OBS የተጫነበት ላፕቶፕ ያስፈልጋል። ከእነዚህ በተጨማሪ በአንድ ጫፉ 3.5 ሚሊሜትር ስቴሪዮ፣ በሌላው ሁለት 6.35 ሚሊሜትር ሞኖ መሰኪያ ያለው ገመድ ይግዙ።

ገመዱ ላይ አይቆጥቡ። ሁለቱም ጫፉ አንድ አንድ የሆነ ስቴሪዮ ገመድ ወስደው የማይኩ መግቢያ ላይ ቢሰኩት ይገባል፣ ድምፅም ይሰጣል። ነገር ግን ያ መግቢያ ባላንስድ ስለሆነ ግራውን ከቀኙ ይቀንሳል፤ በሁለቱም በኩል እኩል ያለው ነገር ይጠፋል። ሙዚቃው እየተሰማ የገጸ ባሕርያቱ ንግግር ከጠፋ ምክንያቱ ይህ ነው።

አሁን ወደ መሰካቱ። ከፕሌይስቴሽኑ የወጣው ኤችዲኤምአይ ወደ ካፕቸር ካርዱ መግቢያ፣ ከካርዱ መውጫ ደግሞ ወደ ሞኒተሩ ይሄዳል። ከሞኒተሩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚነሳው ገመድ ሚክሰሩ ላይ ቻነል 2 እና 3 ላይ ይሰካል፤ ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ። ማይኩ ቻነል 1 ላይ፣ ማዳመጫዎ ሚክሰሩ ላይ፣ የሚክሰሩና የካርዱ ዩኤስቢ ላፕቶፑ ላይ። ማይኩ ኮንደንሰር ከሆነ ብቻ 48 ቮልቱን ይክፈቱ። ሞኒተሩ የድምፅ መውጫ ከሌለው ገመዱን ጆይስቲኩ ላይ ሰክተው በፕሌይስቴሽኑ የድምፅ ማስተካከያ ሁሉም ድምፅ ወደ ማዳመጫ እንዲሄድ ያድርጉ፤ ያለበለዚያ የጓደኞችዎ ወሬ ብቻ ይመጣል።

ላፕቶፑ ላይ ምስሉ ጥቁር ከሆነ ካርዱ ተበላሽቷል ብለው አይቸኩሉ። ፕሌይስቴሽኑ ላይ Settings፣ System፣ HDMI ገብተው Enable HDCP የሚለውን የቅጂ መከላከያ ያጥፉት።

ሚክሰሩ ላይ TO PC የሚለውን ማብሪያ INPUT MIX ላይ ያድርጉት። LOOPBACK ላይ ከተዉት ከላፕቶፑ የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ይገባል፤ OBS ውስጥ የገባውን ድምፅ መልሶ የሚያሰማው ሞኒተሪንግ ክፍት ከሆነማ እየተደጋገመ ወደ ጩኸት ይለወጣል።

መጠኑን ሲያስተካክሉ ማይኩን ያስቀድሙ። ጨዋታውን ዝም አሰኝተው፣ ጎል ሲገባ እንደሚጮኹት ጮክ ብለው እየተናገሩ፣ የመጨረሻው ቀዩ መብራት ብልጭ እስኪል ጌይኑን ይጨምሩና ትንሽ ይመልሱት። ከዚያ OBS ላይ ተራ ንግግርዎ ከ−15 እስከ −10 ዲሲቤል አካባቢ እንዲያርፍ ያድርጉ። ቀጥሎ ማይኩን ዘግተው ጨዋታውን እስከ −25 አካባቢ ብቻ ያሳድጉ። ለጆሮዎ ያንሳል ብለው አይጨምሩት፤ የማዳመጫውን ድምፅ ከፍ ያድርጉ እንጂ።

የሚቀረው ምስሉንና ድምፁን ማገጣጠም ነው፤ ምስሉ በካርዱ በኩል ሲያልፍ ስለሚዘገይ ድምፁ ይቀድመዋል። በግምት ከመነካካት ይለኩት። OBS ሲቀዳ ሚክሰሩን ትራክ 1፣ የካርዱን ድምፅ ትራክ 2 ላይ ያድርጉና ሜኑ ላይ ጥቂት ጊዜ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ አሥር ሰከንድ ይቅዱ። ቅጂውን በኤዲቲንግ ፕሮግራም ሲከፍቱት ያው ጠቅታ በሁለቱ ትራኮች ላይ ተራርቆ ይታያል። ሚክሰሩ ላይ 2.340 ሰከንድ፣ ካርዱ ላይ 2.460 ሰከንድ ላይ ካረፈ ልዩነቱ 120 ሚሊሰከንድ ነው። Advanced Audio Properties ውስጥ በሚክሰሩ Sync Offset ላይ 120 ይጻፉና የካርዱን ድምፅ ይዝጉት። ንግግርዎም አብሮ ስለሚዘገይ ከጨዋታው ጋር አይለያይም። የካርዱን ሪዞሉሽን ወይም ፍሬም ሬት ከቀየሩ እንደገና ይለኩ።

ከጀርባ እም የሚል ድምፅ ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉት። ወዲያው ከጠፋ ችግሩ መሣሪያዎቹ ከመሬት ሽቦ ጋር ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ሲገናኙ የሚፈጠረው ግራውንድ ሉፕ ነው። ከሞኒተሩ በሚመጣው ገመድ መሃል የግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር ይግባ። የመሬት ሽቦውን ቆርጦ መገላገል ግን አይሞከርም፤ እምታውን ያጠፋ ይሆናል፣ ሰውንም ሊገድል ይችላል።